«ድምፅሽ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም»

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው አስፋልት ጭሮን አቋርጦ ሲያልፍ ግራና ቀኙን ከተደረደሩት ሱቆች ብዙዎቹ ስልክ ይሸጣሉ፣ ይጠግናሉ፣ ካርድ ይሞላሉ። ሽማግሌዎቹ ዛሬም አሰበ ተፈሪ በሚሏት በዚህች ከተማ ለወላጁ ስልክ ሊገዛ የመጣ ሰው አንድ ሙከራ አይቀርለትም። «ለእናቴ ነው፤ ጆሯቸው ደከም ብሏል» ሲል ባለሱቁ ከመስታወቱ ሥር አንድ ባለ ቁልፍ ስልክ ያወጣል፣ ባትሪ ይገጥማል፣ ሜሞሪ ይከትና ዘፈን እስከ ጥግ ይለቅበታል። ባጃጅ እየጮኸ ሲያልፍ እንኳ ዘፈኑ ይሰማል። «ሳውንዱን አየኸው? ከዚህ በላይ የለም!»

አንዲት የጭሮ መምህርት ለእናቷ ስልክ የገዛችው በዚህ ሙከራ ተማምና ነበር። እናቷ ሰባዎቹን አጋምሰዋል፤ የሚኖሩት ከሂርና ወጣ ብሎ፣ ከመንገዱ በላይ ባለው ዳገት ነው። አዲሱ ስልክ ሲጠራ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። እናትየው ግን ስልኩን አንስተው ጆሯቸው ላይ ካደረጉ በኋላ የሚሉት ያው የድሮው ነበር፤ «ድምፅሽ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይልኝም።»

በዚያች አጭር አረፍተ ነገር ውስጥ ለሸመገለ ሰው ስልክ ለመምረጥ የሚያስፈልገው ቁም ነገር አብዛኛው አለ። ድምፅ መሰማትና ቃል መለየት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ባለሱቁ በዘፈን የሚሞክረው ከሁለቱ አንዱን እንኳ በቅጡ አይደለም።

አብዛኛው ስልክ ሁለት ስፒከር አለው። ትልቁ ብዙውን ጊዜ ከጀርባ ወይም ከሥር ይቀመጣል፤ ሲጠራ የሚጮኸው፣ ዘፈን የሚያጫውተው፣ «ላውድ አድርጊው» ሲባል የሚያወራው እሱ ነው። ሁለተኛው ከስክሪኑ በላይ ባለችው ቀጭን ቀዳዳ ውስጥ የተደበቀ ትንሽ ስፒከር ነው። ጆሮ ላይ የሚለጠፈው፣ የልጅን ድምፅ ለእናት የሚያደርሰው ይኼ ትንሹ ነው። የሱቁ ዘፈን የሚወጣው በትልቁ ስለሆነ ስለ ትንሹ ምንም አይናገርም። ከጀርባ ያለው ስፒከር እንደ ነጋሪት የሚጮህ፣ የጆሮው ግን ከሹክሹክታ የማያልፍ ስልክ በየሱቁ ሞልቷል።

የትንሹ ስፒከር ጉልበት ብቻውንም አይበቃም። ምክንያቱን ለማየት ከስልኩ ወጥቶ ወደ ጆሮ መሄድ ያስፈልጋል።

ጆሮ በዕድሜ ሲደክም ሁሉንም ድምፅ እኩል አይተውም። መጀመሪያ የሚከዳው ቀጫጭኑን፣ ከፍ ባለ ፍጥነት የሚርገበገበውን ድምፅ ነው። ወፍራሙ ድምፅ ለብዙ ዓመት ይቆያል። በንግግር ውስጥ አናባቢዎቹ፣ እነ «ኣ» እና «ኦ»፣ ወፍራምና ጉልበታም ስለሆኑ ይሰማሉ። «ስ»፣ «ፍ»፣ «ሽ»፣ «ት» የሚሉት ግን ቀጭንና ደካማ ናቸው። ስለዚህ የተናጋሪው ድምፅ ይመጣል፤ ሴት ይሁን ወንድ፣ ልጅ ይሁን ጎረቤት ይታወቃል፤ ቃሉን ከቃል የሚለዩት ፊደላት ግን ተበልተው ይቀራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የመስማት ሪፖርት ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆኑ ሰዎች ከአራቱ አንዱ በላይ ኑሮን የሚያውክ የመስማት ችግር አለበት።

በዚህ ላይ ስልኩ ራሱ ድምፁን ይቆርጠዋል። የተለመደው የስልክ ጥሪ ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ብቻ ያሳልፋል። «ስ» የምትለዋ ድምፅ ጉልበቷ በአብዛኛው ያለው ከ4000 ሄርዝ በላይ ነው። ጤነኛ ጆሮ ያለው ሰው እንኳ ስም ሲያስመዘግብ «በ‹ሰ› ነው በ‹ፈ›?» ብሎ በስልክ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ጤነኛው የጎደለውን ከአረፍተ ነገሩ ገምቶ ይሞላል። ሁለቴ የተቆረጠበት ሽማግሌ ግን፣ አንዴ በጆሮው አንዴ በስልኩ፣ ለመገመት የሚበቃ ነገር አይተርፈውም።

ድምፁን መጨመርስ? እስከ አንድ ደረጃ ይረዳል። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ይበላሻል። ርካሽ ስፒከር እስከ ጥግ ሲገፋ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ይሰነጣጠቃል፤ የሚሰነጣጠቀውም ቃሉ የሚለይበት ክፍል ነው። የደከመ ጆሮም አስቸጋሪ ጠባይ አለው፤ ዝቅ ያለውን አይሰማም፣ ትንሽ ከፍ ሲል ደግሞ ያመዋል። «አይሰማኝም» ሲሉ የቆዩ እናት ወዲያው «ምን ያስጮህሻል!» የሚሉት ነጭናጫ ሆነው አይደለም፤ በመካከል ያለው ምቹ ቦታ ስለጠበበ ነው። በመሆኑም የሚፈለገው ስልክ ድምፁ ጥግ ሳይደርስ፣ ሁለት ሦስት ደረጃ ሲቀረው በግልጽ የሚሰማ ነው። የቀሩት ደረጃዎች ለገበያ ቀንና ለዝናብ ይጠቅማሉ።

መምህርቷ ለሁለተኛው ግዢ እናቷን ይዛ መጣች። ይኼ ብቻውን ነገሩን ለወጠው። ባለሱቁ ወንበር አወጣ፤ «እማማ፣ ይቀመጡ» አለ፤ ከኋላ ወዳለችው ጠባብ ክፍል፣ ከመንገዱ ጫጫታ ራቅ ወዳለችው አስገባቸው። ልጅየው የእናቷን ሲም ስልኩ ውስጥ ከትታ ሰጠቻቸውና ከሱቁ ወጥታ ፊቷ ከማይታይበት ቦታ ደወለች። ፊቷ እንዳይታይ መደረጉ አስፈላጊ ነው፤ መስማት የተቸገረ ሰው ሳያውቀው ከከንፈር ያነባል።

በስልኩ የተነገረው ሰላምታ አልነበረም። «እንዴት አደርሽ፣ ደህና ነሽ» ተሞክሮ አይባልም፤ መልሱ በልማድ ስለሚመጣ እናትየው ምንም ሳይሰሙ «እግዜር ይመስገን» ሊሉ ይችላሉ። ልጅየው ያነበበችው ቁጥር ነው፤ «ስልሳ ሰባት… ሰባ ስድስት… ሰማንያ ሁለት… ስልሳ…» ቁጥር ከቀደመው ተነስቶ አይገመትም፤ «ሰባ»፣ «ሰባት»፣ «ሰማንያ»፣ «ስልሳ» ደግሞ ሁሉም በዚያችው በምትጠፋው «ሰ» ይጀምራሉ። እናትየው የሰሙትን እየደገሙ ለባለሱቁ ነገሩት፤ እሱ ወረቀት ላይ ጻፈ። ከሦስት ስልኮች በአንደኛው ግማሹን ሳቱ። በዘፈኑ ያሸነፈው ስልክ ሁለተኛ ወጣ። ቃሉን ጥርት አድርጎ ያሰማቸው በትልቁ ስፒከሩ ብዙም የማይጮኸው ሦስተኛው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ነገር መታየት አለበት። ትንሿ ቀዳዳ ከጆሮ ቀዳዳ ትክክል ካልገጠመች ድምፁ በግማሽ ይወርዳል። አጭር ባለ ቁልፍ ስልክ የሚይዙ ብዙ አረጋውያን ማይኩን ወደ አፋቸው ለማስጠጋት ስልኩን ወደ ታች ይጎትቱታል፤ ቀዳዳዋ ከጆሮ ወርዳ ጉንጭ ላይ ታርፋለች። ስልኩ ላይ የሚለጠፍ ላስቲክ ወይም መስታወት ቀዳዳዋን ሸፍኖ የሚገኝበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። በምዕራብ ሐረርጌ ደግሞ ብዙ እናቶች እጃቸውን ለሥራ ነፃ ለማድረግ ስልኩን በሻሻቸው ውስጥ ሰክተው ያወራሉ። ሻሹ ከመሃል ከገባ ቀጭኑን ድምፅ የበለጠ ይውጠዋል፤ ከተቻለ ስልኩ ከጨርቁ ሥር፣ ቆዳ ላይ ይሁን።

የጥሪው ዜማም ከጆሮ ጋር ይመረጣል። ስልኮች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት ቀጭን፣ ፈጣን ጭርጭርታ ለደከመ ጆሮ የሚመች አይደለም። ወፍራምና ዘግየት የሚል ዜማ፣ ለምሳሌ የድሮ ስልክ ደወል ዓይነት፣ ድምፁ ሳይጨመር እንኳ ከሌላ ክፍል ይሰማል። ንዝረቱም ይከፈት፤ እንጨት ጠረጴዛ ወይም የቆርቆሮ ሣጥን ላይ የተቀመጠ ስልክ ሲንቀጠቀጥ ያስታውቃል። ስፒከሩ ከጀርባ የሆነ ስልክ ግን ጋቢ ላይ በጀርባው ከተኛ ይታፈናል፤ ሲገዛ አንዴ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ ማስጠራት ጥሩ ነው።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ መምህርቷ ጉዳዩን በአንድ ከሰዓት ትጨርሰው ነበር። እናቷ ግን የመስሚያ መርጃ አላቸው። አዲስ አበባ ተመርምረው የተሰጣቸው፣ ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠል፣ በቀጭን ቱቦ ወደ ጆሮ ቀዳዳ የሚገባ ዓይነት ነው። በሱቁ ሙከራ ጊዜ አውልቀውት ነበር። «ስልክ ሳወራ አወልቀዋለሁ፤ ይጮህብኛል» አሉ።

መርጃው የሚጮህበት ምክንያት ሁለት ነው፤ መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው።

አንደኛው ፉጨት ነው። ስልክ ጆሮ ላይ ሲለጠፍ ከመርጃው የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ መርጃው ማይክ ይገባል፣ ይጎላል፣ እንደገና ይገባል፤ በመጨረሻ ያፏጫል። ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለው መርጃ ማይክ ያለው ከጆሮው አናት አካባቢ እንጂ ከቀዳዳው ላይ አይደለም። ስለዚህ መርጃ ያደረገ ሰው ስልኩን ጆሮው ቀዳዳ ላይ ቢለጥፍ ያፏጭበታል እንጂ አይሰማውም። የስልኩ ስፒከር ወደ ላይ ከፍ ብሎ፣ ከመርጃው አጠገብ፣ ትንሽ ዘንበል ተደርጎና ጣት በሚያህል ክፍተት መያዝ አለበት። መምህርቷ ይህን ስታሳያቸው እናትየው መጀመሪያ ሳቁ፤ ስልኩ ከጆሯቸው በላይ ከሻሻቸው አጠገብ ቆሟል። ቀጥሎ የተነገራቸውን ቁጥር አንድ ሳይስቱ ደገሙት።

ሁለተኛው ጩኸት ፉጨት ሳይሆን ድርድርታ ነው። በዕድሜ የገፋ ሬዲዮ አጠገብ ስልክ ያስቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ ጥሪው ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሬዲዮው «ድድድ… ድድድ…» ይላል። ያው ነገር መርጃው ውስጥ ይገባል። ምንጩ 2ጂ የሚባለው የቀድሞው ኔትወርክ ነው። በ2ጂ ስልኩ ያለማቋረጥ አይልክም፤ በሰከንድ 217 ጊዜ ብልጭ እያለ ይልካል፤ ይኼ ብልጭታ በመርጃው ሽቦ ውስጥ ወደ ድምፅ ተለውጦ ጆሮ ይሞላል።

የምዕራብ ሐረርጌ ተራሮች ወደ ጉዳዩ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። ስልክ ሁልጊዜ በአንድ ጉልበት አይልክም። ማማው ቅርብ ሲሆን ጉልበቱን ይቀንሳል፤ ሲርቅ ወይም ተራራ ሲጋርደው ይጨምራል። በ2ጂ 900 መስመር የመጨረሻው ጉልበት 2 ዋት ነው። በ3ጂ ስልኩ ሳይቆራረጥ ስለሚልክና ከሩብ ዋት ገደማ ስለማያልፍ ድርድርታው ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ስለዚህ ጭሮ መሃል ከተማ ላይ ያልተሰማ ጩኸት፣ ከቁኒ ወይም ከሂርና ወጣ ባለ ሸለቆ ውስጥ ያው ስልክና ያው መርጃ ላይ ማውራት የሚከለክል ሊሆን ይችላል። መርጃ ላለው ሰው የሚገዛ ስልክ በሱቅ ብቻ ተሞክሮ የማይበቃው ለዚህ ነው።

መምህርቷ ከባለሱቁ ጋር ተስማማች፤ ሣጥኑ እንዳይቀደድ፣ የስክሪኑ ላስቲክ እንዳይላጥ፣ ካልሆነ በማግስቱ እንድትመልስ። ያ በሱቅ ያሸነፈው ስልክ ሂርና ዳገት ላይ ሲሞከር በድርድርታው ወደቀ። 2ጂ ብቻ የሚሠራ ስልክ ነበር። በምትኩ የመጣው ባለ ቁልፍ ሆኖ 3ጂና 4ጂም የሚሠራ ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ቁልፉና ቅርጹ ግን ያው ነው።

ሣጥኑ ላይ «4ጂ» ተጽፎ መገኘቱ ግን ዋስትና አይሆንም። ብዙ 4ጂ ስልክ ኢንተርኔቱን በ4ጂ ሲያካሂድ ቆይቶ ጥሪ ሲገባ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል። የሚታየው ጥሪው ላይ እያሉ ነው፤ እየተወራ ስክሪኑ አናት ላይ ከኔትወርኩ ዘንጎች አጠገብ ያለውን ምልክት ማየት። «3G» ወይም «H» ካለ ጥሩ ነው፤ «G» ወይም «E» ካለ ስልኩ 2ጂ ላይ ነው። በሴቲንጉ ውስጥ የኔትወርክ ምርጫውን 3ጂ ላይ ማሰር የሚቻልባቸው ስልኮች አሉ። ጉዳቱም መታወቅ አለበት፤ 3ጂ በማይደርስበት ማሳ ላይ ስልኩ ጭራሽ አይሠራም። የመምህርቷ እናት ቤት 3ጂ የሚይዘው በበሩ በኩል ባለው ክፍል ስለሆነ ወንበራቸው እዚያ ዞረ።

አንዳንድ ሣጥን ላይ M3፣ M4፣ T3፣ T4 የሚል ምልክት ይገኛል። ምልክቱ ለመስሚያ መርጃ ተስማሚ ስልክ በሕግ ከሚጠየቅበት ከአሜሪካ የመጣ ነው። «M» ስልኩ በመርጃው ማይክ በኩል ሲሰማ ምን ያህል ከጩኸት የጠራ እንደሆነ፣ «T» ደግሞ በመርጃው ውስጥ ባለው የመግነጢስ ጥቅል በኩል ምን ያህል እንደሚሰማ ይናገራል። ቁጥሩ ከ3 በታች ከሆነ አይመረጥም። ዘመድ ከውጭ ስልክ ሲልክ ይህን ማየት ይጠቅማል። ጭሮ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ሣጥኖች ምልክቱ ስለሌለባቸው ግን ዳኛው ሙከራው ነው።

«T» የምትለዋ ፊደል ሌላ ቦታም አለች። በዕርዳታ ወይም በርካሽ የሚገኙ ብዙ ከጆሮ ጀርባ የሚውሉ መርጃዎች ጀርባቸው ላይ «O»፣ «T»፣ «M» የተጻፈበት ትንሽ ማብሪያ አላቸው። «O» መዝጊያ ነው፤ «M» ለተራ ወሬ ማይኩን ይከፍታል፤ «T» ለስልክ ነው። «T» ላይ ሲሆን መርጃው ማይኩን ዘግቶ ከስልኩ ስፒከር የሚወጣውን መግነጢስ ብቻ ይቀበላል። ማይኩ ስለተዘጋ ፉጨት የለም፤ የልጆች ጫጫታ፣ የፍየል ድምፅ፣ የጎረቤት ሬዲዮ አይገባም። የመምህርቷ እናት መርጃውን ሲጠቀሙ በቆዩበት ጊዜ ሁሉ ማብሪያው ከ«M» ተነስቶ አያውቅም ነበር፤ «T» ምን እንደሆነች የነገራቸው አልነበረም።

ይኼም የራሱ ጣጣ አለው። ጥሪው ሲያልቅ ወደ «M» ካልተመለሰ እናት አጠገባቸው የቆመውን ሰው አይሰሙም፤ «መርጃው ተበላሸ» ተብሎ ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ይችላል። «T» ላይ ሳሉ የመብራት ሽቦ ወይም የፍሎረሰንት አምፖል ቀረብ ካለ ዝቅ ያለ «ህምምም» ይገባል፤ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ሲሉ ይቀንሳል። በ2ጂ ስልክ ላይ ደግሞ የባትሪው ኃይል ራሱ አብሮ ብልጭ ስለሚል ድርድርታው በ«T» በኩልም ሊገባ ይችላል። አዲሶቹ መርጃዎች በብሉቱዝ ከስልክ ጋር በቀጥታ ይገናኛሉ፤ አንድሮይድ ከ10ኛው ዕትም ጀምሮ ይህን የሚያስችል ሥርዓት አለው፣ አይፎንም የራሱ አለው። ይህ የሚሆነው ግን መርጃውም ስልኩም ያንኑ ሥርዓት ሲያውቁ ነው፤ ተራ የብሉቱዝ ምልክት ያለበት ባለ ቁልፍ ስልክ ከመርጃ ጋር ይገናኛል ብሎ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ወደ ስክሪን ስንመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስፋቱን ነው። «ትልቅ ስክሪን ያለው» ይባላል፤ ባለሱቁም ሰፊ ተች ስልክ ያወጣል። ለዓይን የሚጠቅመው ግን የፊደሉ ቁመት ነው። ሰፊ ስክሪን ላይ ትንሽ ፊደል ካለ ስፋቱ ምንም አልረዳም። ኖኪያ 105ን የመሰለ ትንሽ ስልክ ስክሪኑ 1.8 ኢንች ያህል፣ ነጥቦቹም በወርድ 120፣ በቁመት 160 ብቻ ናቸው። በእንዲህ ያለ ስክሪን ላይ ለመደወል የሚጻፈው ቁጥር ደህና ይነበባል። የሚያስቸግረው የአማርኛ መልእክት ነው፤ «ሙ»ን ከ«ሚ» የምትለየው ትንሿ ቅጥል በሁለትና በሦስት ነጥብ ስለምትሣል ለደከመ ዓይን ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። መልእክት የሚያነቡ ወላጅ 2.4 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ፊደሉን ማሳደግ የሚቻልበት ስልክ ይፈልጋሉ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ስልኩን እንደ ልማዳቸው ይዘው፣ በር ላይ ፀሐይ ባለበት አንድ መልእክት ጮክ ብለው ያንብቡ። ክፍል ውስጥ የሚያበራ ብዙ ስክሪን ደጅ ሲወጣ ይጠፋል።

የቋንቋው ምርጫ በዚህ አገር የራሱ ታሪክ አለው። የመምህርቷ እናት ቤት ውስጥ የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው። ልጅየው ስልኩን አፋን ኦሮሞ ላይ አድርጋ ሰጠቻቸው፤ ማንበብ አልቻሉም። ማንበብ ስለማያውቁ አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛንም ጨምሮ ያስተማረው በግዕዝ ፊደል ነበር፤ ቁቤ የመጣው በ1984 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመቻ ፊደል የቆጠረ ሰው የሚናገረው ኦሮምኛ፣ የሚያነበው ግን «ሀ ሁ»ን ነው። ስልኩ ወደ አማርኛ ሲመለስ እናትየው «ጥሪዎች» የሚለውን ቀስ ብለው አነበቡ። ከእሳቸው ያነሱት፣ በቁቤ የተማሩት ደግሞ በተቃራኒው ናቸው። ስለዚህ የስልኩ ቋንቋ የሚመረጠው ወላጅ በሚናገሩት ሳይሆን በሚያነቡት ነው።

ጭራሽ የማያነቡ ወላጆች ስክሪን ብዙም አያስፈልጋቸውም። ለእነሱ ቁልፉ ይበልጣል። በአብዛኛው ባለ ቁልፍ ስልክ ከ2 እስከ 9 ያሉትን ቁልፎች ለአንድ አንድ ሰው መስጠት ይቻላል፤ 2 ተጭኖ ሲቆይ ለልጅ፣ 3 ለጎረቤት ይደውላል። ይህ እንዲሠራ ባለ ሁለት ሲም ስልክ ላይ «በየትኛው ሲም ልደውል?» የሚለው ጥያቄ መዘጋት አለበት፤ አለበለዚያ በየጥሪው የማይነበብ ጥያቄ ይመጣል። አንድ ሲም ብቻ መክተት የበለጠ ያቀልላል። የቁልፉ ጉብታ በጣት የሚለይ ይሁን፤ 5 ላይ ያለችው ነጥብ ለዓይነ ደካማ መሪ ናት።

ብዙ ስልኮች ላይ # ተጭኖ ሲቆይ ጥሪው ድምፅ አልባ ይሆናል። «የእናቴ ስልክ አይጮህም» ተብሎ ጥገና ከሚመጣው ስልክ ውስጥ በኪስ ወይም በመቀነት ውስጥ # ተጭኖበት ዝም ያለ ይገኛል። ያንኑ ቁልፍ እንደገና ተጭኖ መያዝ ብቻ ነው መድኃኒቱ። ይኼን ጠባይ ማጥፋት የሚቻልበት፣ ወይም ቁልፉ በራሱ የሚቆለፍ ስልክ ይሻላል።

ተች ስልክ የሚያስፈልግበት አንድ ትልቅ ምክንያት አለ፤ እሱም ባሕር ማዶ ያለ ልጅ ነው። ከዚህ አካባቢ ወደ ሳዑዲ የሄደ ወንድም ወይም እህት በኢሞ ፊቱን ሊያሳይ ይፈልጋል፤ እናትም ማየት ይፈልጋሉ። ለመስማት ለተቸገረ ሰው የቪዲዮ ጥሪ ከናፍቆት በላይ ይጠቅማል፤ ከንፈር ይታያል፣ የኢንተርኔቱ ድምፅም በ3400 ሄርዝ ላይ አይቆረጥም። በሌላ በኩል በእርሻ የደደረና የደረቀ ጣት ተች ስክሪን ላይ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ወይም ሲጭኑት ስለሚዘገዩ መንካቱ «ተጭኖ መያዝ» ሆኖ ሌላ ነገር ይከፈታል። ሳምሰንግ ላይ «Easy mode» የሚባለው አሠራር ምልክቶቹንና ፊደሉን ከማሳደጉም በላይ የመያዣውን ጊዜ ወደ አንድ ሰከንድ ተኩል ያራዝመዋል፤ ሌሎች አንድሮይዶችም ተመሳሳይ አላቸው። ከፊት ገጹ ላይ ከጥሪ፣ ከኢሞና ከልጆቹ ፎቶ በቀር ሁሉም ይነሳ።

መምህርቷ ሁለቱን ለየች። ተች ስልኩ ከልጅ ልጅ ጋር ተቀምጦ ለኢሞ ይወጣል። ሲሙና ቴሌብሩ ያለው ባለ ቁልፉ ላይ ነው። ቴሌብር በ*127# ሲከፈት ምርጫው በየገጹ እየጠበቀ የሚሄድና ከዘገዩ የሚዘጋ ስለሆነ እናትየው ብቻቸውን አይጨርሱትም፤ የሚስጥር ቁጥሩን ለጎረቤት ልጅ መስጠት የሚጀመረውም እዚያ ላይ ነው። ልጅየው ለዚያ የመረጠችው መንገድ የወር ወጪያቸውን ብቻ በቴሌብር መላክና ገንዘቡን ለማውጣት አብራቸው መሄድ ነው።

የስልኩን የጆሮ ቀዳዳ በተመለከተ ግን ሥራው አላለቀም። የሂርና የበጋ አቧራ፣ የማሽላ ብናኝና የሻሽ ክር ቀዳዳዋን ቀስ በቀስ ይደፍናሉ፤ ድምፁ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ስለሚወርድ ማንም ልብ አይለውም፣ ጆሮው ነው የባሰበት ይባላል። በደረቅ፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ስልኩን ቀዳዳዋ ወደ ታች ተዘቅዝቃ እንድትታይ ይዞ በቀስታ መጥረግ ይበቃል። መርፌ አይገባባትም፤ ውስጧ ያለው ስስ ሽፋን ይቀደዳል። በአፍ እፍ ማለትም እርጥበት ይከታል። መምህርቷ በየመጣችበት ብሩሹን ታወጣለች፤ ከዚያ ውጭ ወጥታ ትደውልና ከሰባ እስከ ሰማንያ ያሉትን ቁጥሮች አቀላቅላ ታነባለች። እናትየው በመጨረሻው ጊዜ ሁለት ስተዋል፤ ከጠረገችው በኋላ አንድ።